ሶስት ግኝት መርጣችሁ አንድ ብቻ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ይሄ ዳታውን አጽድቶ ሰንጠረዡን አውጥቶ "በአስር ደቂቃ የትኛውን ላቅርብ" ላይ ለተቸነከረ ሰው ነው። ምሳሌዬ የ2016ቱ (በፈረንጅ) የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ ነው፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተጠየቁበት የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ብዙ ሰው ሲታገል የማየው እሱ ላይ ስለሆነ።

ምልክት፦ ቁጥራችሁ ከታተመው ሪፖርት ጋር አይገጥምም። ዌይት አላደረጋችሁም። እንደ ሐረሪና ድሬዳዋ ያሉት ትንንሾቹ ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ናሙና ስለተወሰደባቸው ዝም ብሎ የቆጠረ ሰው የከተማውን ቁጥር ያሳብጠዋል። የዌይቱን ዓምድ v005ን ለ1000000 አካፍላችሁ በሱ ዌይት አድርጉ፣ አለቀ።

ምልክት፦ የሚያስደነግጥ ፐርሰንት ተገኘ። ከስሩ ስንት ሰው አለ? የዲኤችኤስ ሪፖርት ራሱ ከ25 ሰው በታች ሲሆን ቁጥሩን ትቶ ኮከብ ያስቀምጣል፣ ከ25 እስከ 49 ሲሆን ቅንፍ ውስጥ ያስገባል። እናንተ ከነሱ በላይ ደፋር ምን አደረጋችሁ።

ምልክት፦ ሶስት ስላይድ አቀረባችሁ፣ ሰሚው ግን "ገጠሩ ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው?" ብሎ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ከሰንጠረዡ ሰፊ ልዩነት የሚያሳዩትን የተለመዱ ሶስት ንጽጽሮች ያነሳል። ጤና ተቋም ስለመውለድ ከሆነ መጀመሪያ ከተማና ገጠር ይመጣል (በ2016 79 ፐርሰንት ለ20)፣ ቀጥሎ የተማረችና ያልተማረች፣ ቀጥሎ ሀብታምና ድሃ። ሶስት የሚያምር ባር ቻርት! ግን የተማረችዋም ሀብታሟም በአብዛኛው ያችው የከተማዋ ሴት ናት፣ አንዷን ሴት ሶስት ልብስ ቀያይራችሁ ነው ያቀረባችሁት። አንድ ቡድን ይሄንኑ ይዞ ኃላፊዎች ፊት ቆሞ "ታዲያ ከሶስቱ የቱን እናስተካክል?" ሲባል መልስ አጥቶ አይቻለሁ፣ የሚያሳዝነው ቻርቱን ለማሳመር ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ ነው ያደሩት።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ከተማውን አውጡትና ገጠር ውስጥ ብቻ እንደገና አስሉ። ስታታ ላይ እንዲህ ነው፣ facility ከm15 ማለትም ከወለደችበት ቦታ ራሳችሁ የምትሰሩት 0/1 ነው፣ v106 ትምህርት፣ v025 ከተማና ገጠር ነው፣ 2 ገጠር፣ ኮዳቸውን ግን ከፋይሉ ሌብል አረጋግጡ፦

```
gen w = v005/1000000
tab v106 facility [iw=w] if v025==2, row
```

የትምህርቱ ልዩነት ገጠር ውስጥም ሰፊ ሆኖ ከቀረ ራሱን የቻለ ግኝት ነው፣ ከቀለጠ ግን የከተማና ገጠሩ ጥላ ነበር፣ ጣሉት። ሀብቱንም እንደዚሁ። እና እባካችሁ ሶፍትዌሩ የተፋውን ሰንጠረዥ በሙሉ ስላይድ ላይ እየለጠፋችሁ "ተመራማሪ ያጣራል" አትበሉ፣ ማጣራት ስራችሁ ነው።

ከዛ እያንዳንዱን እጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ቁጥሩ፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸረና ሰሚው ምን እንደሚወስንበት። ሁለቱ አንድ ውሳኔ ላይ ካረፉ አንዱ ይውጣ። በዚህ መንገድ እኔ የምይዘው እነዚህን ነው። አንደኛ፣ ጤና ተቋም የወለዱት በ2016 ከነበረበት 26 ፐርሰንት በ2019ኙ ሚኒ ዲኤችኤስ 48 ደርሷል። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ የክልልም ነው፣ በ2016 አዲስ አበባ 97፣ አፋር 15፣ አዲስ አበባ ሙሉ ከተማ ስለሆነች ግን ይሄንንም በዛው ማጣሪያ ገጠር ለገጠር አሳልፉት። ሶስተኛው ደግሞ ክፍሉን ጸጥ የሚያደርገው ነው፣ ተቋም መውለድ እንዲህ ሲጨምር በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕጻናት ግን ሲቀንሱ አልታየም፣ ከሺህ 29 የነበረው በ2019 33 ነው። የመጀመሪያው "እየመጡ ነው" ይላል፣ ሁለተኛው "እነ እገሌ ጋ አልደረስንም"፣ ሶስተኛው "የመጡትስ ምን አገኙ?"፣ ሶስቱም የተለያየ በጀት ይጠይቃሉ።

ሶስተኛው ላይ ግን በጣም ጥንቃቄ!! "ሞት ጨመረ" እንዳትሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ከጥናቱ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት ነው የሚሸፍኑት፣ ስለዚህ ዓመታቱ በከፊል ይደራረባሉ፣ በዛ ላይ ሚኒው ናሙናው አነስ ያለ ነው፣ የስህተት ወሰናቸው ይነካካል። የሚባለው "መቀነሱ አልታየም" ነው፣ ከዛ አታልፉ። ተቋም መውለድ አልረዳም ብላችሁም አትደምድሙ፣ ይሄ ዳታ ያንን አይነግራችሁም። ቁጥሩንም ከመጨረሻው ሪፖርት ውሰዱ፣ ቀድሞ የሚወጣው አጭሩ ሪፖርት ላይ ያለው ሊለያይ ይችላል፣ አንዱን ስላይድ ከዚህ ሌላውን ከዛ የሚያደርግ ሰው አለ።

ምልክት፦ አለቃ መጨረሻ ሰዓት ላይ "ይቺንም ጨምራት" ይላል። ከመጨረሻው ስላይድ ኋላ አስቀምጧት፣ ከተጠየቀ ትከፈታለች።