ቤቱ ተዘግቶ የተመለስንበት ናሙና፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ የጣና ዳር ቀበሌዎች አንድ ቤተሰብ በሳምንት ስንት ኪሎ አሣ እንደሚያወጣ ለማወቅ ወጣን እንበል። 405 ቤት በዕጣ መረጥን። 263ቱ መለሱ፣ 142ቱ ቤት አልተገኙም። የመለሱት አማካይ 6 ኪሎ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ችግሩ ግን የዚህ ዓይነት ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ምልክቱ፦ ውጤቱ ዓይን ካየው ጋር አይገጥምም

ጠዋት ታንኳዎቹ ሲደርሱ ወደ ዳር ወርደህ የሚራገፈውን ቆሮሶና አምባዛ ታያለህ። ከዚያ ወረቀትህን ታያለህ፤ 6 ኪሎ ይላል። የሆነ ነገር ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት በመረጃ ሰብሳቢዎቹ መዝገብ ውስጥ ነው። «ቤቱ ተዘግቷል» የሚለው ቃል በሁሉም መንደር እኩል አይታይም። ሐይቁን በተጠጉ ቤቶች ይበዛል፣ ከዳሩ ራቅ ባሉት ያንሳል። መዝገቡን በመንደር ከፋፍለህ ቁጠረው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መንስኤው

መረብ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። ሰውየው አሣውን ይዞ ወደ ገበያ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ሻያችንን ጠጥተን 4 ሰዓት ላይ እናንኳኳለን። «ጋሼ፣ ዛሬም የሉም» ትላለች አንዷ መረጃ ሰብሳቢ። ሌሎቹ ሰብሳቢዎችም ቢሆኑ ከዚያ የተለየ ወሬ አያመጡም። ቤት የምናገኘው በብዛት አሣ የማያሰግር ወይም አልፎ አልፎ የሚያሰግር ሰው ነው። እንግዲህ ሰውየው እንዳይገኝ ያደረገው ነገርና እኛ የምንለካው ነገር አንድ ሆኑ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት አለ፤ ጎረቤት መተካት። የተዘጋውን ቤት ትተው ክፍት የሆነውን ይገባሉ። ቁጥሩ 405 ይሞላል፣ አለቃም ይደሰታል፣ አማካዩ ግን እዚያው 6 ላይ ነው። ናሙናውን 2,000 ብታደርሰውም ያው ነው፤ ስህተቱን ይበልጥ ታምንበታለህ እንጂ አታርመውም።

መፍትሄው፦ ካልተገኙት መካከል በዕጣ ጥቂቱን መርጦ አጥብቆ መከታተል

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1946 ያቀረቡት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባለሙያዎች ሞሪስ ሀንሰንና ዊሊያም ኸርዊትዝ ናቸው። የነሱ ችግር በፖስታ የተላከ መጠይቅ አለመመለሱ ነበር። ካልመለሱት ከፊሉን በዕጣ መርጠው ቤታቸው ድረስ ሰው ላኩ። የእኛ ፖስታ የ4 ሰዓቱ ጉብኝት ነው ማለት ነው።

ከ142ቱ በየሁለቱ አንድ፣ 71 ቤት እናወጣለን። ለእነዚህ ጉልበት አንሰስትም። ማታ እንሄዳለን፣ ንጋት ላይ ዳር ወርደን እንጠብቃለን፣ በስልክ እንቀጥራለን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዳር ላይ የምትጠይቀው ዕጣ የወጣለትን ሰው ብቻ ነው። እዚያ ቆሞ ያገኘኸውን ሌላ አሣ አስጋሪ ከጠየቅህ ያው የመተካት በሽታ ተመለሰ። ደግሞም የምትጠይቀው ሳምንት መጀመሪያ ሌሎቹን የጠየቅህበት ያው ሳምንት ይሁን። ጾም ከገባ ወይም ከወጣ ገበያውም ይለወጣል።

71ዱ አማካያቸው 16 ኪሎ ሆነ እንበል። አሁን ማባዛት ነው። እያንዳንዳቸው ለራሳቸውና ላልተመረጠው አንድ ቤት ስለሚቆሙ ክብደታቸው 2 ነው።

```
(263 × 6 + 142 × 16) / 405 = 9.5
```

ከ6 ወደ 9.5። ክትትል አድርገህም ቁጥሩ 8.1 ከወጣልህ ምን እንደረሳህ አውቃለሁ፤ 263ቱንና 71ዱን ደባልቀህ ለ334 አካፍለሃል። ክብደቱ አልገባም። ሶፍትዌሩ ስህተት ብሎ አይጮህልህምና ራስህ ተመልከት።

ሌላው ምልክት፦ አማካዩ ተስተካክሎ የስህተት ህዳጉ ሰፋ

ይህ የሚመጣው ዋጋው ቀድሞ ስላልታሰበ ነው። 71 ሰው ለ142 ሲናገር መረጃው ይሳሳል። ያንን ለማካካስ መነሻው ናሙና ከፍ ማለት አለበት፦

```
n = n0 × [1 + W2 × (k − 1)]
```

n0 ሁሉም ቢመልስ ኖሮ የሚበቃህ ናሙና ነው። W2 የማይገኙት ድርሻ ነው። k ደግሞ ከስንቱ አንዱን እንደምትከታተል ይናገራል። n0 = 300፣ W2 = 0.35፣ k = 2 ከሆነ n = 405 ይመጣል። የጀመርንበት 405 የመጣው ከዚህ ነው። በየሦስቱ አንድ ካልክ 510 ቤት ማንኳኳት አለብህ።

ቀመሩ ያልተገኙት እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት፣ ማለትም ቫሪያንሳቸው፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሳል። አሣ አስጋሪ ላይ ይህ ያጠራጥራል፤ አንዱ 3 ኪሎ፣ ሌላው 40 ያወጣል። የእነሱ ቫሪያንስ የጠቅላላው እጥፍ ከሆነ 0.35ትን በ2 አባዛው። ያኔ k = 2 ራሱ 510 ይጠይቃል።

ታዲያ k ስንት ይሁን? ኪስ ይወስናል። አንድ ቤት ማንኳኳት 40 ብር፣ ቃለ መጠይቁ 60 ብር፣ የክትትል ቃለ መጠይቅ 400 ብር ይፍጅ። ቫሪያንሱ እኩል ነው ብለን፣ ሁሉንም ያልተገኙ ብንከታተል በ300 ቤት 65,700 ብር ይወጣል። በየሁለቱ አንድ ብንል በ405 ቤት 60,380። በየሦስቱ አንድ ብንል ወደ 64 ሺህ ይመለሳል። ሦስቱም የሚሰጡት ትክክለኛነት ያው ነው። ክትትሉን ስትቀንስ የምታተርፈውን ብር የሚጨምረው ናሙና መልሶ ይበላዋል።

W2ን ቀድመን አናውቅም ለሚል መልስ አለ። ናሙናውን አውጥተህ የመጀመሪያውን ዙር ጨርስ፣ ከዚያ k-ን አስተካክል። ከ405ቱ ያልተገኙት 35 ሳይሆኑ 45 በመቶ ከሆኑ፦

```
k = 1 + (405/300 − 1) / 0.45 = 1.78
```

ከ182 ቤት 102 ትከታተላለህ እንጂ 71 አይበቃም። ስለዚህ በጀት ስትጽፍ ለክትትል መጠባበቂያ ያዝ። ገንዘብ ያዥ «ይህ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ይህን ስሌት አሳየው።

የመጨረሻው ምልክት፦ ከ71ዱም 20ው አልተገኙም

ዘዴው በሂሳብ ልክ የሚሆነው የተመረጡት ሁሉ ሲመልሱ ነው። 51 ብቻ ከመለሱ ክብደቱን 142 ለ51 ማድረግ ትችላለህ። ግን ያኔ 20ዎቹ እንደ 51ዱ ናቸው ብለህ ገምተሃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የቀሩት ደሴት ላይ ሰንብተው የሚመለሱት፣ ብዙ የሚያሰግሩት ናቸው።

ሰውና ጊዜ ካጠረህ ከመጀመሪያው ትንሽ ናሙና አውጣና እስከ መጨረሻው ተከታተል። በየሦስቱ አንድ መርጦ ሁሉንም ማግኘት፣ በየሁለቱ አንድ መርጦ ሲሶውን ከመጣል ይሻላል። አንዱ የሚያመጣው ሰፋ ያለ ህዳግ ነው፣ ያም ይለካል። ሌላው የሚያመጣው መዛነፍ ነው፣ መጠኑን የሚነግርህ የለም። ወጥተህ ከቀሩብህ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ስንቱ እንዳልተገኙ ጻፍ። አማካዩንም ሁለት ጊዜ አስላው፤ አንዴ የቀሩት እንደተገኙት 16 ኪሎ ያወጣሉ ብለህ፣ አንዴ 30 ያወጣሉ ብለህ። የመጀመሪያው 9.5፣ ሁለተኛው 10.9 ይሰጥሃል።