የኦድ ለውጥን አይቶ የባለሙያ ገንዘብን መገመት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደብረ ማርቆስ የውርርድ ቤቶች «ሕዝቡ ባለሜዳውን ይዞ ሳለ ኦዱ ለምን ጨመረ?» የሚል ክርክር ሲነሳ፣ ብዙዎች ባለሙያዎች በእንግዳው ላይ ትልቅ ገንዘብ እንዳስያዙ ይደመድማሉ። ይህን የተገላቢጦሽ ለውጥ በምሳሌ እንመልከተው። ሰኞ ባለሜዳው 1.80፣ አቻው 3.60፣ እንግዳው 4.50 ነበሩ እንበል፤ ከመቶ ትኬት 75ቱ ባለሜዳውን ቢይዙም፣ ቅዳሜ ባለሜዳው 1.95፣ አቻው 3.50፣ እንግዳው 4.00 ሆኑ።

የመጀመሪያው ስህተት ትኬትን እንደ ገንዘብ መቁጠር ነው። 75 ሰዎች 50 ብር ቢያስይዙ ድምሩ 3,750 ብር ነው፤ በሌላው ወገን ግን አንድ ሰው ብቻውን 20,000 ብር ሊያስይዝ ይችላል። ያ ሰው ባለሙያ ይሁን ገንዘብ የተረፈው ደጋፊ፣ የትኬቱ መቶኛ አይነግረንም። መቶኛው ራሱም የሚሰበሰበው ከጥቂት ድርጅቶች እንጂ ከመላው ገበያ አይደለም።

ሁለተኛው ለውጥን ሁሉ ገንዘብ እንዳመጣው መቁጠር ነው። የባለሜዳው አጥቂ መጎዳቱ ከተሰማ አወራራጁ አንድም ብር ሳይቀበል የባለሜዳውን ኦድ ከፍ ያደርገዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ኦድ ከውጭ አቅራቢ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከጎናችን የተሰለፈው ሕዝብ ምን እንደያዘ ከለውጡ ጋር ማያያዝ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ብዙ ብር የሚበላው ስህተት ግን ምልክቱ እውነት ሆኖ ሳለ ዘግይቶ መከተል ነው። ጠዋት ነጋዴዎች ጤፉን ገዝተው ዋጋው ከወጣ በኋላ ገበያ የደረሰ ሰው፣ የነጋዴዎቹ ግምት ትክክል ስለነበረ ብቻ አያተርፍም። 1ን ለእያንዳንዱ የቅዳሜ ኦድ አካፍለን (1/1.95፣ 1/3.50፣ 1/4.00) ብንደምር 1.0485 እናገኛለን፤ ከ1 በላይ ያለው የቤቱ ድርሻ ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ኦድ ትክክል ነው ካልን የእንግዳው ዕድል 0.25 ለ1.0485 ሲካፈል፣ ማለትም ወደ 23.8 በመቶ ነው። በዚህ ዕድል ሰኞ በ4.50 የያዘ በየ100 ብሩ በአማካይ 7 ብር ገደማ ያተርፋል፤ ቅዳሜ በ4.00 የተከተለው ግን 5 ብር ገደማ ይከስራል። ሁለቱም የያዙት ያንኑ ቡድን ነው።

አራተኛው፣ ገበያው ገና ሲከፈት የሚታይን ለውጥ ማመን ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው የውርርድ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት ገንዘብ ኦዱን ያናውጠዋል፣ ሆን ብሎ ለማሳሳት የሚያስይዝም አይጠፋም።

ምልክቱን መፈተን የሚፈልግ ሰው የያዘበትን ኦድና ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረውን የመጨረሻ ኦድ ጎን ለጎን ይጻፍ። የመጨረሻው በተደጋጋሚ ከያዘበት ዝቅ ብሎ ካልተገኘ፣ ቢያሸንፍ እንኳ ሲከተል የነበረው የባለሙያ ገንዘብ ስለመሆኑ ማስረጃ የለውም።