ሁለት ጊዜ የተመለሰው የትምህርት ፈቃድ ደብዳቤዬ

ደሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለማስተርስ ከደመወዝ ጋር የትምህርት ፈቃድ ስጠይቅ ደብዳቤዬ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

የመጀመሪያው አንድ ገጽ ሙሉ ልመና ነበር። ስለ ቤተሰቤ ሳይቀር ጽፌያለሁ። በሁለተኛው «በሕጉ መሠረት» አልኩና ደመወዝም የትምህርት ክፍያም አብሬ ጠየቅሁ። የሰው ሀብት ባለሙያዋ አንብባ «የትኛው አንቀጽ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ክፍያው ደግሞ የበጀት ጥያቄ ስለሆነ ሌላ ክፍል ይወስናል።

መፍትሔው የመሥሪያ ቤቱን የሥልጠናና ትምህርት መመሪያ ለምኜ ማንበብ ሆነ። የእኛው አራት ነገር ይጠይቃል፦ የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ ከሥራ መደቡ ጋር የሚዛመድ የትምህርት መስክ፣ ተመልሶ የማገልገል ግዴታ። በሦስተኛው ደብዳቤ ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ማስረጃውን «አባሪ 1»፣ «አባሪ 2» እያልኩ አያያዝኩ። የመግቢያ ደብዳቤውንም ጨመርኩ። ጥያቄው እንዲህ አለ፦

«በመመሪያው አንቀጽ … መሠረት፣ ከ… እስከ … ድረስ በመደበኛ መርሐ ግብር ለመማር ከደመወዝ ጋር የትምህርት ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የግዴታ ውል ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።»

አንቀጹን ከራሳችሁ መመሪያ ሙሉ፤ የእኔን አትቅዱ።

ከዚያ በቅርብ ኃላፊዬ በኩል አለፈ። እሳቸው ሥራዬን ማን እንደሚሸፍን ጽፈው የድጋፍ ማስታወሻ ሰጡኝ። መዝገብ ቤት አስገብቼ ቅጂዬ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጻፍኩ። ያለዚያ «አልደረሰንም» ቢሉ መልስ የለኝም። በዚህኛው ፈቃዱ ወጣ። የትምህርት ክፍያውን ለብቻው ጠይቄያለሁ፤ እሱ ገና ነው።