ጥጡን ገልጣችሁ አንሡ፦ የቅጠል ጀርባ ተባይን በፎቶ መለየት

ከወሎዎቹ ሐይቅ፣ መርሳና ሐርቡ ከተሞች አካባቢ የሚላክልኝ የብርቱካንና የሎሚ ቅጠል ፎቶ አብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ወደ መሬት የሚያየው የቅጠሉ ጀርባ በነጭ ጥጥ ተሸፍኖ ይታያል፣ ከሥሩ «ሚሊበግ ገብቶብኛል፣ ምን ልርጭ?» ተብሎ ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ ግን ሚሊበግ አይደለም፤ ሱፍ ለባሹ ነጭ ዝንብ ነው። ጥጡ ተባዩ የሚያመነጨው ሰም ስለሆነ ነጭ ዝንብም፣ ሚሊበግም፣ አንዳንድ ስኬል የሚባል ቅርፊታም ተባይም ሊኖረው ይችላል። መልሱ ያለው ከጥጡ ሥር ነው፣ ከጥጡ ሥር ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሣም።

ምልክት፦ ፎቶው ላይ ነጭ ነገር እንጂ ሌላ አይታይም

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ነው። ስልኩ ጨለም ያለውን አረንጓዴ ቅጠል አይቶ ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል፣ ነጩ ሰም ያን ጊዜ ይቃጠልና ቅርፁ ይጠፋል። ፍላሽ ሲጨመርበት ይብሳል። ፍላሹን አጥፉ። ስክሪኑ ላይ ነጩን ቦታ በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙ፣ ከጎኑ የፀሐይ ምልክት ሲመጣ ነጩ ክር በክር እስኪለይ ድረስ ወደ ታች ሳቡት። ቅጠሉ የጨለመ መስሎ ቢታያችሁ ምንም አይደለም። ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ የጠዋት የመስኮት ብርሃን ከሁሉ ይሻላል፣ የእያንዳንዱን ነፍሳት ጥላ ያወጣላችኋል።

ሁለተኛው ምክንያት መጠጋት ነው። ብዙ ስልክ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀርብ ማጥራት ያቅተዋል። ትንሽ ራቅ በሉና በካሜራው ዙም ሁለት እጥፍ አቅርቡ። ስልኩ ላይ የምትቆነጠጠዋን ሌንስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የምታጠራው ስስ ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ቅጠሉ መጎበጥ የለበትም፤ ደብተር ላይ ዘርጉትና ጠርዙን በስፒል ያዙት። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ሌንሶች አንዳንዶቹ መሐሉን አጥርተው ዳሩን ስለሚያደበዝዙ ተባዩ መሐል ይሁን። የፊት ማስዋቢያውንም አጥፉት፣ ቀጫጭኑን ክር ለስልሶ ያጠፋዋል። ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ እኔም አጉልቼ የማየው ነገር አይኖርም።

አንድ ፍሬ ጤፍ ከተባዩ አጠገብ አስቀምጡ። ጤፍ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነች መጠኑን ወዲያው ትነግረናለች። ሳንቲም አታስቀምጡ፣ ፎቶውን በሙሉ ይይዘዋል፣ ደግሞም ያብለጨልጫል።

ምልክት፦ ቅጠሉ ከላይ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ጥጥ አለ፣ ያጣብቃል

ይህ ነው ዋናው። ሐይቅ አቅራቢያ ጓሯቸው ብርቱካን ያላቸው አንዲት እናት የላኩት ፎቶ ጥቁር ቅጠል ብቻ ነበር። «ቅጠሉ ጥላሸት ይዞታል፣ የሻጋታ መድኃኒት ሸጠውልኝ ረጨሁ፣ አልለቀቀም» አሉ። ጥቁሩ እውነትም ሻጋታ ነው፤ ነገር ግን የሚያድገው ተባዩ በሚያፈሰው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። ፈሳሹ ከላይኛው ቅጠል ጀርባ ይንጠባጠብና በታችኛው ቅጠል ፊት ላይ ይረጋል። ስለዚህ የጠቆረ ቅጠል ስታዩ ፎቶ የሚነሣው እሱ አይደለም፣ ከበላዩ ያለው ነው። የሻጋታ መድኃኒት የሸጠላቸው ሰው ቅጠሉን ገልብጦ ለማየት እንኳ አልሞከረም፤ ይህ ያናድደኛል።

«እትዬ፣ ከበላዩ ያለውን ቅጠል ገልብጠው ሦስት ፎቶ ያንሡልኝ፤ አንዱ ሙሉ ጀርባው፣ አንዱ ከጤፍ ጋር ቀርቦ፣ አንዱ ጥጡ በመርፌ ተገልጦ» አልኳቸው። ወጣት ቅጠል ሳይሆን የጠና ቅጠል እንዲመርጡ ነገርኳቸው፤ ይህ ነጭ ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው በአብዛኛው በጠና ቅጠል ላይ ነው።

ከጤፏ ጋር በተነሣው ፎቶ ጥጡ ዱቄት ሳይሆን የተጠቀለለ ረጅም ክር መሆኑ ታየ። በክሩ መካከል ጥርት ያሉ የፈሳሽ ጠብታዎች ተቀምጠዋል። ጥጥ ባልደረሰበት ቦታ ደግሞ ጥቃቅን ቡናማ እንቁላሎች በክብ ተደርድረው ነበር። እናቲቱ ነፍሳት የአፏን ቱቦ ቅጠሉ ላይ ተክላ በዙሪያው እየዞረች ስለምትጥል ነው ክብ የሚሠራው፣ አንዳንዴም ግማሽ ክብ ብቻ ይሆናል። ያንን ክብ ያገኘ ሰው ሚሊበግ አለመሆኑን ያውቃል።

ሦስተኛው ፎቶ ጉዳዩን ዘጋው። ጥጡ ሲገለጥ ከሥሩ ሞላላ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ ቡናማ ነገር ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ እግር አይታይበትም፣ በመርፌ ሲነካም አይሄድም። የነጭ ዝንብ እጭ ነው። ሚሊበግ ቢሆን ኖሮ ለስላሳ ሰውነትና እግር ይኖረው ነበር፣ ሲነካም ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ነጭ ዝንብ ከሆነ ታዲያ ለምን አይበርም?» ብለው ይጠይቁኛል። ቲማቲምና ቃሪያ ላይ የምታውቁት ነጭ ዝንብ ቅጠሉ ሲነካ ብን ይላል፤ ይሄኛው ሰነፍ ነው፣ ቅጠሉን ብትቆርጡትም እዚያው ይቀመጣል። ለቲማቲሙ ግን ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ሂዱ፣ ቅጠሉንም ሳትመነጭቁ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ፤ አለዚያ ባዶ ቅጠል ታነሣላችሁ።

መርጫውን ከማንሣታችሁ በፊት ቀዳዳውን እዩ

እጩ ጀርባ ላይ ቀዳዳ ካለ አጉሉት። ነጭ ዝንቡ ራሱ አድጎ ሲወጣ ቅርፊቱን የእንግሊዝኛውን T በሚመስል ስንጥቅ ቀዶ ነው። ቀዳዳው ጥርት ያለ ክብ ከሆነ ግን ከውስጥ የወጣችው ነጭ ዝንቡን በልታ ያደገች ጥቃቅን ተርብ ናት። ብዙ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ መርዝ አትርጩ፤ ሥራው እየተሠራላችሁ ነው።

በመርሳ በኩል ያለ አንድ ገበሬ ለሌላ ሰብል ገዝቶ የተረፈውን ማላታዮን ብርቱካኑ ላይ ረጨ። ክንፍ ያወጡት ሞቱ፣ ደስ አለው። ከጥጡ ሥር ያሉት እጮች ግን መርዙ አልደረሳቸውም፤ ሰሙ ውኃውን ያንሸራትተዋል። ተርቦቹ ጥጥ ስለሌላቸው አለቁ። ከዚያ በኋላ የላከው ፎቶ ላይ ክብ ቀዳዳ አንድም አልነበረም፣ ጥጡ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ወፍሮ ነበር። እባካችሁ የተረፈ መርዝ ፍራፍሬ ላይ አትርጩ። በምን መጠን፣ ለምን ሰብል እንደተፈቀደ ሳታነቡ አትርጩ። ልጆች ፍሬውን ከዛፉ ላይ ቀጥፈው እንደሚበሉም አትርሱ።

ለእኒያ እናት ያልኳቸው ይህ ነው። በጣም የተወረሩትን የታችኛውን ቅርንጫፎች ቆርጠው ያቃጥሉ። ቀሪውን የቅጠል ጀርባ በኃይለኛ ውኃ ይጠቡ፤ ጥጡ እስኪለቅ ድረስ ማለት ነው፣ ይህን የዘለለ ሰው የሚረጨው በከንቱ ነው። ከዚያ በ15 ሊትር የጀርባ መርጫ 150 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና አሟሟተው ከታች ወደ ላይ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ሲደርቅም አቅም የለውም፤ በቅጠሉ ፊት ላይ ብቻ የተረጨ ሳሙና ምንም አያደርግም። እንቁላሉንም በደንብ ስለማይገድል ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የሚረጨው ማለዳ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ዱቄት ኦሞ አትጠቀሙ፤ በእሱ የተጠበሰ ሎሚ ብዙ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ጉንዳን ነው። ጉንዳን ጣፋጩን ፈሳሽ ስለሚልስ ተርቦቹን ያባርራል። ግንዱ ላይ ሰፊ ፕላስቲክ ጠምጥመው ፕላስቲኩ ላይ ግራሶ ይቀቡ፤ ልጡ ላይ በቀጥታ አይቀባም፣ ይጎዳዋል። መሬት ወይም አጥር የነካ ቅርንጫፍ ከተተወ ጉንዳኑ በእሱ ስለሚወጣ ያም ይቆረጥ። እሳቸው ይህን ሁሉ አድርገው ቀጥሎ የወጣው ቅጠል ንጹሕ ሆነ። አሮጌው ቅጠል ግን ለረጅም ጊዜ ጥቁር እንደሆነ ቆየ፤ ሻጋታው ቀስ ብሎ ነው የሚረግፈው፣ አልሠራም ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሌሎቹ

ክሽክሽን ከነጭ ዝንብ ጋር የሚያምታታው የተጣለ ቆዳው ነው። ክሽክሽ ሲያድግ ቆዳውን ስለሚጥል ለጋው ቅጠል ላይ ነጫጭ ብጣሽ ይበተናል፤ ብጣሹን ትታችሁ አረንጓዴውን ወይም ጥቁሩን አንሡ። ከኋላው ሁለት ጥቃቅን ቱቦ ከወጣለት ክሽክሽ ነው፣ ሌላው ተባይ ያ የለውም። ፎቶው ከጎን ካልተነሣ ቱቦው አይታይም። ያበጠና የገለባ ቀለም የያዘ ክሽክሽ ካያችሁ ተርብ ገብቶበታል፣ ተዉት።

እውነተኛው ሚሊበግ በዱቄት የተነከረ ይመስላል፣ ዙሪያውን አጫጭር ነጭ ክሮች አሉት፣ ከጤፍ ሁለት ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ከቅጠሉ ጀርባ ይልቅ የፍሬው እንብርት ሥርና ሁለት ፍሬ የሚነካካበት ቦታ ላይ ፈልጉት።

ማንጎ ላይ ነጭ ክብ ቅርፊት ከዳር በኩል ጥቁር ነጥብ ያለው ካያችሁ፣ በአጠገቡም ሦስት መስመር የወጣላቸው ጥቃቅን ነጭ ዘንጎች ተኮልኩለው ካሉ፣ የማንጎ ነጭ ስኬል ነው። ክቡ ሴቷ፣ ዘንጉ ወንዱ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ከቦታ ቦታ የሚሄደው በዋናነት በችግኝና በፍሬ ነው። የማያጣብቅና ጥላሸት የሌለው ነጭ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ፣ ይህ ዓይነት ስኬል ጣፋጭ ፈሳሽ አያወጣም። ቅርፊቱን በመርፌ ጫፍ አንሡት፤ ክዳኑ ለብቻ ተነሥቶ ነፍሳቱ ቅጠሉ ላይ ትቀራለች። ያን ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን አንሡልኝ። ችግኙን ደግሞ ወደ ሌላ ቀበሌ እንዳታሳልፉት።