የብድር ስቴትመንት ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ቃላት

ለዓመታት ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ «ሒሳቡ ተሳስቷል» ያለኝን ሰው ቁጥር አላውቀውም። ሒሳቡ እውነትም ተሳስቶ ያገኘሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውን ያሳሳተው ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ነው። ቃሉን የሚያስረዳ ሰው ደግሞ ብድሩ ሲፈረም አልነበረም።

የከፈሉትን በሙሉ ከዕዳው ላይ መቀነስ

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ እናት ትንሽ ደብተር ይዘው መጡ። በየወሩ የከፈሉትን በእስክሪብቶ ጽፈዋል፣ ከጎኑ ደረሰኙን በስቴፕለር አያይዘዋል። አንድም ወር አላዛነፉም። የተበደሩት 100,000 ብር ነው፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ ጊዜው 3 ዓመት። ወርሃዊ ክፍያቸው 3,615 ብር ከ24 ሳንቲም። በ12 ወር 43,383 ብር ያህል ከፍለዋል። ስለዚህ በደብተራቸው መጨረሻ «ቀሪ 56,617» ብለው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ስቴትመንቱ ግን 72,415 ይላል።

«ልጄ፣ 15 ሺህ ብሬ የት ገባ?» አሉኝ።

የት እንደገባ አብረን አየን። ዋና ገንዘብ ማለት ከተበደሩት ውስጥ ገና ያልመለሱት ነው። አንዳንድ ስቴትመንት «ፕሪንሲፓል» ብሎ ይጽፈዋል። ወለድ ደግሞ ያ ገንዘብ እጅዎ ላይ ለቆየበት ጊዜ የሚከፈል ኪራይ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ለሁለቱ ይከፈላል። መጀመሪያ የወሩ ወለድ ይነሳል፤ ከዋናው ላይ የሚቀነሰው የተረፈው ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ወር እንውሰድ። የ100,000 ብር 18 በመቶ 18,000 ነው። ለ12 ሲካፈል 1,500። ከ3,615 ብር ላይ 1,500 ወለድ ሆኖ ሄደ፤ ከዕዳው የተቀነሰው 2,115 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚሰላው በቀረው 97,885 ላይ ስለሆነ ወደ 1,468 ይወርዳል፤ ከዋናው ደግሞ 2,147 ይቀነሳል። እንዲህ እያለ ወለዱ እየሳሳ፣ ለዋናው የሚሄደው እየወፈረ ይሄዳል። በመጨረሻው ወር ወለዱ 53 ብር ብቻ ነው። የእኚህ እናት 15,798 ብር የአንድ ዓመት ወለድ ነበር። ማንም አልወሰደባቸውም። ግን በመጀመሪያው ቀን ይሄን የነገራቸው ሰው ባለመኖሩ እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ ቀሪውን ዕዳ በ56 ሺህ አስበው ለልጃቸው ቃል ገብተው ነበር።

ስለዚህ ስቴትመንት ሲመጣ «የተከፈለ» የሚለውን ሳይሆን «ቀሪ ዋና ገንዘብ» የሚለውን ዓምድ እዩ። የወሩን ወለድ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ ቀሪው ሲባዛ በዓመቱ ወለድ፣ ሲካፈል ለ12። ባንኩ በቀን ቆጥሮ የሚያሰላ ከሆነ 31 ቀን ባለው ወር ትንሽ ከፍ፣ በ28 ቀኑ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያ ስህተት አይደለም። የክፍያው መጠን ሳይቀየር ለዋናው የሚሄደው ከወር ወር በግልጽ ካነሰ ግን ጠይቁ። ወይ ዘግይታችኋል፣ ወይ የወለዱ ምጣኔ ተቀይሯል፣ ወይም ቅጣት ገብቷል። አብዛኛው ውል ከሚከፈለው ላይ ቅጣትን ያስቀድማል፤ ቀጥሎ ወለድ፣ በመጨረሻ ዋናው።

የወለድ ምጣኔውን ብቻ አይቶ ማወዳደር

«እዚያም 18፣ እዚህም 18፤ ምን ልዩነት አለው?» ይሉኛል። ጥያቄው 18 በመቶው የሚሰላው በምን ላይ ነው የሚለው ነው። ከላይ ያየነው በቀሪው ላይ የሚሰላ ነው፤ በ3 ዓመት ጠቅላላ ወለዱ 30,149 ብር ይሆናል። «ፍላት» የሚባለው አሠራር ግን ብትከፍሉም ባትከፍሉም ሁልጊዜ በመጀመሪያው 100,000 ላይ ያሰላል። በዓመት 18,000፣ በ3 ዓመት 54,000። ወርሃዊው ክፍያ 4,278 ይሆናል። የመለሳችሁት ገንዘብ ላይም ኪራይ እየከፈላችሁ ነው። በቀሪው ላይ በሚሰላው ብንለካው ያ ብድር በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የሁሉም ወር ክፍያ ተደምሮ ስንት ይሆናል?» መልሱ ሁለቱን ብድሮች ይለያቸዋል።

ትርፍ ከፍሎ ዝም ማለት

ይሄን እኔም አበላሽቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ከደመወዙ ቆጥቦ 10,000 ብር ትርፍ አመጣ። «ከዋናው ይቀነስልሃል» አልኩት፤ ሳላጣራ። ሲስተሙ ግን የሚቀጥሉት ወራት ቅድመ ክፍያ አድርጎ ያዘው። ከዋናው ስላልተቀነሰ ወለዱም አልቀነሰም። ከአራት ወር በኋላ ስቴትመንቱን ይዞ ሲመጣ ነው ያወቅሁት። አስተካከልንለት፣ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። ትርፍ ስትከፍሉ «ከዋና ገንዘብ ይቀነስ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በማግስቱ ቀሪው መውረዱን አይታችሁ ተረጋጉ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ውሉን እዩ።

የእፎይታ ጊዜን ከወለድ ነፃ ማድረግ

የእፎይታ ጊዜ ማለት ባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ሳትከፍሉ እንድትቆዩ የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ክፍያው ነው እንጂ ወለዱ አይደለም። በ100,000 ብር ላይ የ3 ወር እፎይታ 4,500 ብር ያህል ወለድ ያጠራቅማል።

ኦቨርድራፍትን የራስ ገንዘብ ማድረግ

ኦቨርድራፍት ማለት በሒሳባችሁ ካላችሁት በላይ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ እንድታወጡ ባንኩ መፍቀዱ ነው። ችግሩ ስልክ ላይ ይጀምራል። ሒሳባችሁ ውስጥ 5,000 ብር አለ፣ ጣሪያው 50,000 ነው፤ «ሊወጣ የሚችል» በሚለው ቦታ 55,000 ይላል። ሰው ያንን አይቶ ገንዘብ አለኝ ይላል። ያለው 5,000 ነው፤ የቀረው ገና ያልተወሰደ ዕዳ ነው።

ወለዱ የሚቆጠረው በተጠቀማችሁበት መጠንና ቀን ነው። ከጣሪያው ላይ 20,000 ብር ለ10 ቀን ብትጠቀሙ በ18 በመቶ 99 ብር ገደማ ነው። ደመወዝ ወይም የሽያጭ ገንዘብ እስኪገባ ለመሻገር ጥሩ ነው። የሚጎዳው ሳይመለስ ሲከርም ነው። ወርሃዊ ክፍያ ስለሌለው ዋናውን የሚቀንስ ነገር የለም። በወሩ መጨረሻ ወለዱ ከዚያው ሒሳብ ላይ ይነሳል፤ ያ ማለት ዕዳው ላይ ይደመርና በሚቀጥለው ወር ለወለዱም ወለድ ይከፈላል። በዚያ ላይ ጣሪያው ለዘላለም አልተሰጠም፤ ብዙ ውል ባንኩ በፈለገ ጊዜ «መልስ» እንዲል ይፈቅዳል።

የኦቨርድራፍት ስቴትመንት ሲመጣ ከቁጥሩ ፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ፈልጉ። በወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከዜሮ በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሒሳብ ካያችሁ፣ ያ መሻገሪያ መሆኑ አብቅቶ ቋሚ ብድር ሆኗል። ባንካችሁን ወርሃዊ ክፍያ ወዳለው ብድር እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ፤ ቢያንስ ዋናው መቀነስ ይጀምራል።