የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስቶክ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በማስተማሪያ ላብ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ከሚያልቁት ስቶኮች አንዱ 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የአሠራር መመሪያው አጭር ነው፦ 40 ግራም መዝን፣ አሟሟ፣ በውሃ 1 ሊትር ሙላ። ግን ቲትሬሽን የሠሩት ቡድኖች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ውጤት ይዘው ሲመጡ ተማሪዎቹን ከመውቀስ በፊት ጠርሙሱን መጠርጠር ይሻላል።

ሚዛኑን ከልክ በላይ ማመን

አራት አሃዝ የሚያነብ ሚዛን ላይ 40.0000 እስኪመጣ እንክብሎችን እየጨመሩ እየቀነሱ መቆየት ልፋት ብቻ ነው። እንክብሎቹ በዚያ መሃል ከአየር ርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባሉ። ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ላያቸው ያብረቀርቃል፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። ሚዛኑ 40 ቢልም ከፊሉ ውሃ ነው ማለት ነው።

ሁለት አሃዝ የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። በደረቅ ቢከር ፈጠን ብላችሁ መዝኑ፤ ወረቀት ላይ ይጣበቃል። የኬሚካሉን ዕቃ ወዲያው ክደኑ። 40.3 ከመጣ 40.3 ብላችሁ መዝግቡና እለፉ። እውነተኛው መጠን በኋላ በቲትሬሽን ይታወቃል።

በእንክብሎቹ ላይ ውሃ ማፍሰስ

ሲሟሟ ብዙ ሙቀት ያወጣል። ጥቂት ውሃ ከላይ ከተጨመረበት ሊፈላና ሊፈናጠር ይችላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ቢከር ውስጥ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ የተጣራ ውሃ አስቀድሙ፣ ከዚያ እንክብሎቹን በትንሽ በትንሹ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ማማሰሉ ከተቋረጠ ታች ተጋግሮ ይቀራል።

ትኩሱን እስከ ምልክቱ መሙላት

በእኔ ግምት በጣም የሚዘወተረው ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ሰዓት ያጥራል፣ ክፍል ሊጀመር ነው። ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ልኩ የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ40 ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል። ትኩሱን ከሞላችሁት፣ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ከምልክቱ ዝቅ ይላል፣ ሶሉሽኑም ካሰባችሁት በላይ ይጠነክራል።

ስለዚህ ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና ጠብቁ። በእጅ ስትነኩት ለብ ካለ ገና ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ፍላስኩ ገልብጡ፣ ቢከሩን ሁለት ሦስቴ አለቅልቃችሁ እጣቢውንም ጨምሩ፣ ከዚያ ሙሉ። ትኩሱን ሞልታችሁት ከነበረና ከውስጡ ምንም ካልተቀዳ መዳኛ አለው፦ ሲቀዘቅዝ እንደገና እስከ ምልክቱ ሙሉት። ከተቀዳለት ግን አለቀ።

በመጨረሻም ክዳኑን ይዛችሁ ደጋግማችሁ ገልብጡት። ካልተገለበጠ ከላይ ቀጭን፣ ከታች ወፍራም ሶሉሽን ይኖራችኋል።

ፍላስኩ ውስጥ መተው

ፍላስክ መለኪያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብርጭቆን ቀስ በቀስ ይበላል፣ የብርጭቆ ክዳንንም አጣብቆ ያስቀራል። ጥብቅ ክዳን ባለው የፖሊኢትሊን ጠርሙስ አስቀምጡት። ፒፔት በቀጥታ አትንከሩበት፤ የሚበቃችሁን ቢከር ላይ ቀንሱና ትራፊውን አትመልሱ።

መለያው ላይ «1 M NaOH» ብሎ መተው

ይህ ጽሑፍ ያሰባችሁትን እንጂ ያገኛችሁትን አይናገርም። አንድ ምሳሌ እንይ። ከስቶኩ 100 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ወደ 1 ሊትር አቀጠናችሁት፤ 0.1 ሞላር ይሆናል ብላችሁ ነው። በ110 ዲግሪ ደርቆ በዴሲኬተር የቀዘቀዘ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት 0.5106 ግራም መዝናችሁ በውሃ አሟሟችሁ። ይህ 2.5 ሚሊሞል ነው። እዚህ ላይ እንኳ አራት አሃዝ ያለው ሚዛን ያስፈልጋል። ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨምራችሁ ቲትሬት አደረጋችሁ። ሶሉሽኑ ልክ 0.1 ሞላር ቢሆን 25.0 ሚሊ ሊትር ይበቃው ነበር። የፈጀው ግን 25.8 ሆነ እንበል፦

```
2.5 / 25.8 = 0.0969 M
```

ስቶኩ እንግዲህ 0.969 ሞላር ነው። መለያው ላይ የሚጻፈው ይኼው ቁጥር ነው፤ የተዘጋጀበት ቀን፣ የተለካበት ቀን፣ ያዘጋጀው ሰው ስምና «ቆዳና ዓይን ያቃጥላል» የሚል ማስጠንቀቂያም አብረው ይጻፉ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቲትሬት አድርጋችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባና ካርቦኔት ይፈጠራል፤ በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ቅርፊትም ይወጣል። ለመፈተሽ ካቀጠናችሁት ትንሽ በሙከራ ቱቦ ቅዱና የባሪየም ክሎራይድ ሶሉሽን ጠብ አድርጉበት፤ መርዛማ ስለሆነ ጓንታችሁን አታውልቁ። በደንብ ከደፈረሰ ካርቦኔቱ በዝቷል። ያን ስቶክ ለቲትሬሽን አትጠቀሙበት፤ አዲሱን ፈልቶ ተከድኖ በቀዘቀዘ ውሃ አዘጋጁ።