የድርጅት የይቅርታ መግለጫ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ማክሰኞ ጠዋት ከ3:10 እስከ 5:40 ተበላሸ እንበል። ገንዘቡ ከላኪው ሒሳብ ተቀንሷል፤ ተቀባዩ ዘንድ ግን አልደረሰም። ድርጅቱ ከሰዓት በኋላ ይህን መግለጫ አወጣ፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ባጋጠመ የሲስተም ችግር ምክንያት በአንዳንድ አገልግሎቶች ላይ መጠነኛ መስተጓጎል ተፈጥሮ ነበር። ለተፈጠረው ወይም ሊፈጠር ለሚችለው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ችግሩን ለመፍታት እየተሠራ መሆኑን እንገልጻለን።»

እንዲህ ያለ አጻጻፍ ጆሮ ስለለመደው ስህተቱ ቶሎ አይታይም። ገንዘቡ ያልደረሰለት ሰው ግን ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስና እሱ ራሱ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። መግለጫው ለአንዱም መልስ የለውም።

አድራጊው የማይታወቅ ግስ። ዋናው ስህተት ይህ ነው። «ባጋጠመ»፣ «ተፈጥሮ ነበር»፣ «እየተሠራ» ሲባል ድርጅቱ የለበትም፤ ችግሩ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ረቂቁን ስታርሙ በእያንዳንዱ ግስ ላይ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «እኛ» ከሆነ ግሱም ይህንኑ ይናገር፦ «አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ በበቂ ሁኔታ ሳንፈትሽ ሥራ ላይ አዋልን።» ጥፋቱ የሌላ አቅራቢ ቢሆን እንኳ ደንበኛው የተዋዋለው ከእናንተ ጋር ነው። ስለዚህ «የኔትወርክ መስመር ተቋረጠ» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ተለዋጭ መስመርም አላዘጋጀንም ነበር» የሚለውን ጨምሩ። «በአንድ ሠራተኛ ስህተት» የሚለውም ሽሽት ነው። የአንድ ሰው ስህተት ደንበኛው ድረስ ከደረሰ፣ በመሃል ሊያስቆመው የሚገባ ቁጥጥር አልነበረም ማለት ነውና የሚጻፈው እሱ ነው።

ጉዳቱን መጠራጠር። ገንዘቡ ላልደረሰ ሰው «ሊፈጠር ለሚችለው» ማለት የደረሰበትን እንዳላመኑለት ይቆጠራል። «ቅር ለተሰኛችሁ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ይቅርታው ለድርጅቱ ጥፋት ሳይሆን ለደንበኛው ስሜት ይሆናል።

ማለሳለስ። በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. አንድ መንገደኛ ከዩናይትድ ኤርላይንስ አውሮፕላን በኃይል እየተጎተተ ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። የኩባንያው ኃላፊ የመጀመሪያ መግለጫ ድርጊቱን ለመንገደኞች ሌላ መጓጓዣ እንደማመቻቸት ባለ ቃል ስለጠራው ቁጣውን አባባሰው፤ በማግስቱ ሙሉ ኃላፊነት የሚወስድ ሌላ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነ። ደንበኛው በዓይኑ ያየውን ነገር በሚያውቀው ስሙ ጥሩት። በእኛ ምሳሌ «መስተጓጎል» ሳይሆን «ገንዘባችሁ ተቀንሶ አልደረሰም» ነው።

ልክ የሌላቸው ቃላት። «አንዳንድ»፣ «መጠነኛ»፣ «በቅርቡ» በቁጥርና በሰዓት ይተኩ። ቁጥሩ ገና ካልተጠናቀቀ እስካሁን የተረጋገጠውን ጻፉና ማጣራቱ እንዳላለቀ ግለጹ። ምክንያቱ ካልታወቀም አትገምቱ፤ እንዳልታወቀ ተናግራችሁ ቀጣዩን መረጃ የምትሰጡበትን ሰዓት ቁረጡ። ሰዓቱን ግን የጥገና ቡድኑ ሳያረጋግጥ አትጻፉ፤ ያልተከበረ ቀጠሮ ሌላ ይቅርታ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የሕግ ክፍሉ ስጋት ይነሳል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ይቅርታ በፍርድ ቤት እንደ ጥፋት ማመን ይቆጠር ወይም አይቆጠር እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ስለዚህ ረቂቁን የሕግ ባለሙያ ይየው፤ ሥራው ግን ያልተረጋገጠውን ማውጣት እንጂ የተረጋገጠውን በ«ባጋጠመ» መሸፈን አይሁን። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ሐረግ በተለይ ይጠንቀቅ፤ የሕግ ትርጉም ስላለው ሊገመትና ሊከላከሉት ለሚቻል ብልሽት አይውልም።

የመጀመሪያው መግለጫ ሲስተካከል ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ ጠዋት ከ3:10 እስከ 5:40 ገንዘብ ከላካችሁ ደንበኞቻችን መካከል የ1,240ዎቹ ገንዘብ ከሒሳባቸው ተቀንሶ ለተቀባዩ አልደረሰም። ይህ እስከ 8:00 ሰዓት ያጣራነው ነው፤ ማጣራቱ አላለቀም። ችግሩን ያመጣነው እኛ ነን፦ አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ በበቂ ሁኔታ ሳንፈትሽ፣ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሰዓት ሥራ ላይ አዋልን። ይቅርታ እንጠይቃለን። የተቀነሰውን ገንዘብና የአገልግሎት ክፍያውን እስከ ነገ 4:00 ሰዓት ጠዋት ወደ ሒሳባችሁ እንመልሳለን፤ ማመልከቻ ማስገባት አያስፈልግም። እስከዚያው ያንኑ ክፍያ ደግማችሁ ከላካችሁ ሁለተኛው ለተቀባዩ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ይመለስላችኋል። ከአሁን በኋላ ማሻሻያ የምንጭነው በሙከራ ሲስተም ላይ ከፈተሽነው በኋላ፣ ሌሊት ብቻ ነው። ቀጣዩን መረጃ ዛሬ 12:00 ሰዓት ላይ እንሰጣለን።»

ይህን ለሕዝብ ከማውጣታችሁ በፊት ገንዘባቸው ላልደረሰው ሰዎች በአጭር የስልክ መልእክት ላኩ፤ የእያንዳንዱን ሰው የገንዘብ መጠን ጨምራችሁ። የጥሪ ማዕከል ሠራተኞችም ጽሑፉ አስቀድሞ ይድረሳቸው፤ አለበለዚያ ደዋዩ ከእነሱ የሚሰማው ያንኑ «የሲስተም ችግር ነው» የሚለውን መልስ ይሆናል።